ኮፒ ሳምሰንግን በፎቶ መለየት፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ አንድ የቴሌግራም ማስታወቂያ ይዞ መጣ። ጋላክሲ ኤስ 23 አልትራ፣ «ፓክድ»፣ 16 ጊጋ ራም፣ 1 ቴራ። ዋጋው ሞባይል ቤት ከሚጠሩት ግማሹን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ዕቃው ክፍለ ሀገር ስላለ ሻጩ መጀመሪያ ቀብድ ይላክልኝ ብሏል። «ጋሼ፣ እስቲ ፎቶዎቹን እየውልኝ» አለኝ።

ፎቶዎቹ ያምሩ ነበር። ካርቶኑ ያብለጨልጫል፣ ስልኩም ከፊት ሲያዩት አልትራ ነው። ሴቲንጉ ላይ `Galaxy S23 Ultra` የሚል በትልቁ ተጽፏል። የእህቴ ልጅ ልቡን የጣለው እዚህ ጋ ነው። ስልኩ ራሱ ስሙን ከተናገረ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ችግሩ ኮፒ የሚሠሩ ሰዎች መጀመሪያ የሚያሳምሩት ይህንኑ ገጽ መሆኑ ነው። ስምና ሞዴል ቁጥር እንደ ልብ የሚጻፍ ጽሑፍ ነው። የሚያስቸግራቸው ሌላ ነገር ነው፤ ሴቲንጉ፣ የካርቶኑ ስቲከርና የጀርባው ጽሑፍ አንድ ዓይነት ነገር እንዲናገሩ ማድረግ። ስለዚህ የምንሠራው ሥራ እያንዳንዱን ፎቶ ለብቻው ከማድነቅ ይልቅ እርስ በርስ ማመሳከር ነው። እኔ እዚህ የምሄደው በኤስ 23 አልትራ ነው፤ ኮፒው በብዛት የሚዞር፣ ዝርዝሩንም በደንብ የማውቀው ስልክ ስለሆነ። ሌላ የሳምሰንግ ሞዴል ከሆነ የሞዴል ቁጥሩንና መጠኖቹን ብቻ ቀይሩ፤ መንገዱ ያው ነው።

## መጀመሪያ ፎቶውን በትክክል አስልኩ

ሻጭ በራሱ ፈቃድ የሚልከው ፎቶ ብዙ አይጠቅምም። ከኢንተርኔት የወረደ ወይም የሌላ ሰው ስልክ ሊሆን ይችላል። የምትፈልጉትን ለይታችሁ ጠይቁ።

አንደኛው፣ ስልኩ ላይ `*#06#` ተደውሎ የስልኩ መለያ የሆኑት የአይኤምኢአይ ቁጥሮች ስክሪኑ ላይ ወጥተው ሳለ በሌላ ስልክ የተነሳ ፎቶ ነው። በዚያው ፎቶ ውስጥ የካርቶኑ ስቲከርና የዕለቱ ቀን በእጅ የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ይግቡ። ሦስቱም በአንድ ፎቶ ውስጥ መሆን አለባቸው። ይህን ያህል ልፋት አይደለም፤ ዕቃው እጁ ላይ ያለ ሰው በሁለት ደቂቃ ይልከዋል።

ሁለተኛው የሴቲንጉ ስክሪንሾት ነው። ሴቲንግ ውስጥ መጨረሻ ላይ `About phone` ይገኛል፤ እሱን አንድ ስክሪንሾት። ከዚያ እዚያው ውስጥ `Software information` የሚለውን ከፍቶ ሌላ ስክሪንሾት። ሦስተኛው የጀርባው የታችኛው ክፍል ነው፤ ከቅርብ፣ ብርሃን ከጎን እየመታው።

አንድ ነገር አትርሱ። ሁሉንም በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንዲልክ ንገሩት። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፤ ደቃቁ ጽሑፍ ይደበዝዛል፣ ባርኮዱ አይነበብም፣ የስክሪንሾቱም መጠን ይቀየራል። መጠኑ ደግሞ በኋላ በጣም ያስፈልገናል።

## ሴቲንጉ፦ ከመጀመሪያው ገጽ ይልቅ ሁለተኛው

`About phone` ላይ የሞዴል ቁጥሩን ያዙ። ኤስ 23 አልትራ ለአውሮፓ፣ ለመካከለኛው ምሥራቅና ለአፍሪካ ገበያ ሲመጣ `SM-S918B` ነው፤ ሁለት ሲም የሚወስደው መጨረሻው ላይ `/DS` ይጨመርበታል። የአሜሪካው `SM-S918U`፣ የኮሪያው `SM-S918N` ነው። ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣው ነው ተብሎ `B` ካለ፣ ወይም ከዱባይ መጣ ተብሎ `U` ካለ ኮፒ ነው ማለት አይደለም። ግን ታሪኩን ጠይቁ።

እዚያው ያለውን የሴሪያል ቁጥርም ጻፉት። የሳምሰንግ ስልክ ሴሪያል 11 ፊደልና አኃዝ የያዘ ሲሆን ብዙውን ጊዜ በ`R` ይጀምራል። በኋላ ከካርቶኑ ጋር እናስተያየዋለን።

አሁን ወደ `Software information` እንለፍ። ኮፒ ሠሪዎች የሚሰንፉት እዚህ ነው። እኔም ከሁሉ አስቀድሜ የማየው `Baseband version` የሚለውን መስመር ነው። ቤዝባንድ ማለት ከኔትወርክ ጋር የሚያወራው የሞደሙ ሶፍትዌር ነው። ኦሪጅናል ሳምሰንግ ላይ ይህ መስመር የሚጀምረው በራሱ በስልኩ ሞዴል ነው።

```
ኦሪጅናል፦  S918B...
ኮፒ፦      MOLY....
```

`MOLY` የሚለው ስም የሚዲያቴክ ሞደም ሶፍትዌር መለያ ነው። ኤስ 23 አልትራ ደግሞ የትም አገር ቢሸጥ የሚሠራው በኳልኮም ስናፕድራገን 8 ጄን 2 ነው። ስለዚህ «ኤስ 23 አልትራ ነኝ» የሚል ስልክ ቤዝባንዱ ላይ `MOLY` ካለ ነገሩ አለቀ። ሌላ ማጣራት አያስፈልግም። ኮፒዎቹ አብዛኞቹ በርካሽ የሚዲያቴክ ቺፕ ስለሚሠሩ፣ ስሙን ቀይረው ይህን መስመር የሚረሱት ብዙ ናቸው።

ከሱ በታች `Build number` አለ። እሱም ውስጥ ያው `S918B` የሚል ቁራጭ መኖር አለበት። `Kernel version` ላይ ደግሞ የዚህ ስልክ በ5.15 ይጀምራል። አንድሮይድ 13 ነኝ እያለ ከርነሉ 3 ወይም 4 ነጥብ ምናምን የሚል ኤስ 23 አልትራ ካያችሁ፣ የአንድሮይዱ ቁጥር የተጻፈ እንጂ የተጫነ አይደለም። ስልኩ ገበያ የወጣው በ2023 በአንድሮይድ 13 ስለሆነ፣ ከዚያ ያነሰ ቁጥርም ሊያሳይ አይችልም።

የእህቴ ልጅ ሻጭ የመጀመሪያውን ገጽ በደቂቃ ላከ። ሁለተኛውን ስንጠይቀው «ያው ነው እኮ ወንድም፣ ምን ይሠራልሃል» አለ። ማታ ላይ ላከው። `MOLY` ብሎ ይጀምራል።

ቀሪውን የምነግራችሁ ግን ሁሉም ሻጭ ወይም ሁሉም ኮፒ ይህን ያህል ሰነፍ ስላልሆነ ነው። ቤዝባንዱን ጭምር አስመስለው የሚጽፉ አሉ።

## የስክሪንሾቱ መጠን

ይህን ዘዴ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እኔ ግን በጣም እወደዋለሁ። ስክሪንሾት ስልኩ በሚሠራበት የስክሪን መጠን ልክ ይቀመጣል። ሴቲንጉ ላይ የፈለጉትን ቢጽፉም ርካሹ ስክሪን የሌለውን ነጥብ አያወጣም።

የኤስ 23 አልትራ ስክሪን ትልቁ መጠን 3088 በ1440 ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ግን ባትሪ ለመቆጠብ 2316 በ1080 ላይ ተስተካክሎ ነው። ባለቤቱ ከፈለገ ወደ 1544 በ720 ሊያወርደው ይችላል። ከሦስቱ ሌላ የለም። በፋይል የተላከላችሁን ስክሪንሾት ክፈቱና የምስሉን ዝርዝር እዩ። ጋለሪ ላይ ወደ ላይ ስትጎትቱት ወይም ሦስቱን ነጥቦች ስትነኩ ይወጣል። 1600 በ720 ወይም 1560 በ720 ካነበባችሁ የሌላ ስልክ ስክሪን ነው።

ጥንቃቄ ግን አለው። ቁጥሩ የተዛባው በፎቶ መልክ ስለተላከ ወይም ጠርዙ ስለተቆረጠ ሊሆን ይችላል። መጠኑ እንግዳ ከሆነባችሁ መጀመሪያ በፋይል ድጋሚ አስልኩ፣ ከዚያ ፍረዱ። ደግሞም ሻጩ የጓደኛውን ኦሪጅናል ስልክ ስክሪንሾት ቢልክ ይህ ፈተና በሰላም ያልፋል። ለዚህ ነው ስክሪንሾቱ ላይ ያለውን አይኤምኢአይ ቀን ከተጻፈበት ፎቶ ጋር የምናመሳክረው።

## ካርቶኑ

የካርቶኑ ስቲከር ላይ ሁለት ዓይነት ባርኮድ አለ፤ ሰው ደግሞ ሁለቱን ይቀላቅላል።

አንደኛው የሸቀጡ ባርኮድ ነው፤ 13 አኃዝ፣ ሱፐርማርኬት ካሸር የሚያነበው ዓይነት። የሳምሰንግ ብዙውን ጊዜ በ880 ይጀምራል። 880 ኩባንያው የተመዘገበው ኮሪያ ነው ማለት እንጂ ስልኩ ኮሪያ ተሠራ ማለት አይደለም። ስለዚህ ባርኮዱ በ880 ጀምሮ ስቲከሩ «Made in Vietnam» ቢል ግጭት የለውም፤ ሳምሰንግ ብዙ ስልኮቹን የሚሠራው ቬትናም ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተዘጋጀ ካርቶን ደግሞ 12 አኃዝ ያለው ሌላ ባርኮድ ይይዛል። ዋናው ነጥብ ይህ ቁጥር ለአንድ ዓይነት ሞዴል፣ ቀለምና ስቶሬጅ ሁሉ አንድ መሆኑ ነው። አንድ ሺህ ካርቶን ላይ ያው ቁጥር አለ። ኮፒ ሠሪ ከእውነተኛ ካርቶን ቢገለብጠው ትክክል ሆኖ ይነበባል። ሻጭ «ባርኮዱን ስካን አድርጎ ሳምሰንግ ብሎ አወጣ» ሲላችሁ ስለ ስልኩ ምንም አልነገራችሁም።

የሚያስፈልገን ሁለተኛው ነው፤ አይኤምኢአይና ሴሪያሉን የያዙት ረዣዥም ባርኮዶች። እነዚህ ለእያንዳንዱ ስልክ የተለያዩ ናቸው። ፎቶውን በኮምፒውተር ወይም በሌላ ስልክ ላይ ክፈቱና በባርኮድ አንባቢ አፕ አንብቡት። አፑ የሚያወጣው ቁጥር ከባርኮዱ ሥር ከታተመው ጋር አኃዝ በአኃዝ አንድ መሆን አለበት። ፎርጅድ ስቲከር ላይ ጽሑፉ ተቀይሮ መስመሮቹ የድሮው ሆነው የቀሩበትን አይቻለሁ። መስመሩን በዓይን ማንበብ ስለማይቻል ማንም አያስተውለውም።

ከዚያ ያንኑ ቁጥር ሴቲንጉ ላይና `*#06#` ላይ ከወጣው ጋር አስተያዩ። ሁለት ሲም ከሆነ ሁለት ቁጥር አለ፤ ሁለቱም ካርቶኑ ላይ መገኘት አለባቸው።

ስለ ካርቶን ካነሳን አይቀር፦ ኤስ 23 አልትራ ሲገዛ ቻርጀር አብሮት አይመጣም። ሳምሰንግ ከ2021 ጀምሮ ከነዚህ ስልኮች ካርቶን ውስጥ ቻርጀሩን አውጥቶታል። ካርቶኑ ስስ ነው፤ ውስጡ ስልኩ፣ ኬብል፣ የሲም ማውጫ መርፌና ወረቀት ብቻ አለ። የኛ ሻጭ «ከቻርጀር፣ ከኢርፎንና ከከቨር ጋር» ብሎ ወፍራም ካርቶን ሲያሳይ ለደንበኛ ያሰበ መስሎት ነበር። ደግሞ ካርቶኑ ላይ «16GB+1TB» ይላል። ይህ ስልክ ከ12 ጊጋ በላይ ራም ኖሮት አያውቅም።

## አይኤምኢአዩ ራሱ የሚሰላ ቁጥር ነው

አይኤምኢአይ 15 አኃዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ 8 የስልኩን ሞዴል ይናገራሉ፣ ቀጣዮቹ 6 የዚያን ስልክ ተራ ቁጥር ናቸው፣ የመጨረሻው አንድ አኃዝ ደግሞ ከሌሎቹ ተሰልቶ የሚመጣ ማረጋገጫ ነው። በግምት የተጻፈ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ስሌቱን ስለማያልፍ፣ ካልኩሌተር እንኳ ሳያስፈልግ በወረቀት ትይዙታላችሁ። ለማስተማሪያ በሰፊው የሚጠቀሰውን ይህን ቁጥር እንውሰድ፦

```
4 9 0 1 5 4 2 0 3 2 3 7 5 1 8
```

ከግራ ጀምራችሁ ሁለተኛውን፣ አራተኛውን፣ እንዲህ እያላችሁ እስከ አሥራ አራተኛው ድረስ ያሉትን አኃዞች በሁለት አባዙ። ውጤቱ ሁለት አኃዝ ከሆነ ሁለቱን ደምሩ። 9 ሲባዛ 18 ይሆናል፣ 1 እና 8 ሲደመር 9። 1 ወደ 2፣ 4 ወደ 8፣ 0 ያው 0፣ 2 ወደ 4፣ 7 ወደ 14 ከዚያም 5፣ 1 ወደ 2። ድምራቸው 30 ነው። ያልነካናቸው 4፣ 0፣ 5፣ 2፣ 3፣ 3፣ 5፣ 8 ናቸው፤ እነሱም 30። ጠቅላላው 60። በዜሮ ከጨረሰ ቁጥሩ ትክክለኛ አሠራር አለው። በሌላ ቁጥር ከጨረሰ ወይ በትክክል አልገለበጣችሁም ወይ ቁጥሩ ከጭንቅላት የወጣ ነው።

ማለፉ ግን ብዙ አያኩራራም። ዝም ብሎ ከተጻፈ አሥር ቁጥር አንዱ በአጋጣሚ ያልፋል፤ ከእውነተኛ ስልክ የተሰረቀ ቁጥር ደግሞ ሁልጊዜ ያልፋል። ስለዚህ ካለፈ በኋላ እንደ `imei.info` ባለ ድረ ገጽ ላይ አስገቡትና የትኛው ሞዴል እንደሚያወጣ እዩ። አወቃቀሩንም ተመልከቱ፤ የሳምሰንግ ቁጥሮች አብዛኞቹ በ35 ይጀምራሉ። 86 በቻይና በኩል የሚመዘገብ ቁጥር መጀመሪያ ነው። በ86 የሚጀምር «ከዱባይ የመጣ ሳምሰንግ» ሲቀርብላችሁ ድረ ገጹን ሳትጠይቁ አትለፉ። የኛው ቁጥር ስሌቱን አልፎ ነበር። ድረ ገጹ ላይ ሲገባ ግን ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ርካሽ ስልክ አወጣ።

አንዳንድ ሻጭ አይኤምኢአይ መስጠት አይፈልግም። ሁሉም አጭበርባሪ አይደለም፤ በግሩፕ ላይ የተለጠፈ ቁጥር ተሰርቆ ኮፒ ስልክ ላይ ሊጻፍ ስለሚችል ፍርሃቱ ልክ ነው። በውስጥ መስመር ለእናንተ ብቻ ይላክ። ቀብድ እየጠየቀ በውስጥ መስመርም እምቢ ካለ ግን ሌላ ስልክ ፈልጉ።

## ጀርባው

የስልኩ ጀርባ ላይ ወደ ታች በኩል በጣም ደቃቅ ጽሑፍ አለ። ጣት ሲነካው አይታወቅም፣ ብርሃን ከጎን ካልመታው አይታይም። እዚያ የሞዴል ቁጥሩ፣ የተሠራበት አገር፣ አይኤምኢአይና እንደ `CE` ያሉ ምልክቶች ይገኛሉ። የመጀመሪያ ሥራችሁ የሞዴል ቁጥሩን ከሴቲንጉ ጋር ማስተያየት ነው። የእህቴ ልጅ ሻጭ ስልክ ሴቲንጉ `SM-S918B/DS` ሲል ጀርባው `SM-S918U` ይል ነበር። ፋብሪካ ውስጥ አንድ ስልክ ሁለት አገር አይወለድም።

ስለ `CE` ብዙ የሚወራ ወሬ አለ። ሁለቱ ፊደላት ከተቀራረቡ «ቻይና ኤክስፖርት» ማለት ነው ይባላል። እንዲህ የሚባል የተመዘገበ ምልክት የለም። ትክክለኛው አሣሣል ሁለቱም ፊደላት ከክብ የተቆረጡ ሆነው መካከላቸው ሰፋ ያለ ክፍተት ይኖራቸዋል፣ የ`E` መካከለኛ መስመርም ከሌሎቹ ያጥራል። ተጣብቀው ከተጻፉ የታተመው በግዴለሽነት ነው ማለት ነው፤ ይህ ይጠቁማል እንጂ ብቻውን አይፈርድም። ትክክል ሆኖ ቢገኝም ማንም ሰው ትክክለኛውን `CE` መገልበጥ ይችላል።

ፎቶው ላይ ካሜራዎቹ ከታዩ አንድ ነገር አብራችሁ እዩ። በግራ ረድፍ ከታች ያለው ሌንስ የሩቁን የሚያቀርበው ነው፤ ብርሃን ሲገባበት ከክቡ መስታወት በስተጀርባ አራት ማዕዘን ቅርጽ ይታያል። ኮፒዎች ላይ ብዙውን ጊዜ ይህ ሌንስ ለጌጥ የተለጠፈ ጥቁር ክብ ነው።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው ስለምንሳሳትበት ነገር። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያውን ትቶ ሌላ ሻጭ አገኘ፤ ያገለገለ ስልክ፣ ዋጋው ከገበያው ትንሽ ዝቅ ያለ። ቤዝባንዱ `S918B` ብሎ ይጀምራል፣ ስክሪንሾቱ 2316 በ1080 ነው፣ አይኤምኢአዩ ስሌቱንም ድረ ገጹንም አልፏል፣ ካርቶኑም ገጠመ። ጀርባው ግን ባዶ ነው፤ አንድም ፊደል የለበትም። ልጁ ደነገጠ። እኔ አልደነገጥኩም፤ የጀርባ መስታወት ሲሰበር ጥገና ቤት የሚቀየረው ብዙ ጊዜ ጽሑፍ በሌለው መስታወት ነው። ጽሑፍ ባለው የሌላ ስልክ መስታወት ከተቀየረ ደግሞ ጀርባው ላይ የሌላ ስልክ አይኤምኢአይ ይነበባል። ሻጩን ስንጠይቀው ወድቆበት እንዳስቀየረው ሳያቅማማ ነገረን። የተጠገነ ኦሪጅናል ማለት ነው። ውኃ የመከላከል አቅሙ እንደ ድሮው መሆኑን ማንም ስለማያረጋግጥ ይህን ይዘን ዋጋ አስቀነስን።

ካርቶኑ ላይም ያው ነው። ካርቶኑ የሌላ ስልክ ሆኖ ስልኩ ኦሪጅናል ሊሆን ይችላል። ያኔ ጥያቄው «ኮፒ ነው ወይ?» ሳይሆን «የራሱ ካርቶን የት ሄደ? ስልኩስ የማን ነው?» ይሆናል። የተሰረቀ ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሰው ካርቶን ነው።

## ዕቃው እጅ ሲገባ

ፎቶ ማጣራት የሚጠቅመው ቀብድ ለመክፈል ወይም ላለመክፈል ለመወሰን ብቻ ነው። ቀሪውን ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ `*#06#` ደውሉና ቁጥሩ ፎቶው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዩ፤ በፎቶ የታየው ስልክና የቀረበው ስልክ የተለያዩበት ጊዜ አለ። ከዚያ `*#0*#` ደውሉ፤ ኦሪጅናል ሳምሰንግ ላይ የስክሪን ቀለሞችን፣ ንዝረትንና ሴንሰሮችን የሚፈትሹ አዝራሮች ይደረደራሉ። አንዳንድ ኮፒ ይህንንም ያስመስላል፤ ግን ሲነኩት ምስል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ አዝራሮቹን ንኳቸው። መጨረሻ ላይ አንድ ስክሪንሾት በራሳችሁ እጅ አንሱና መጠኑን እዩ። የእህቴ ልጅ ይህንን ያደረገው ሻጩ ቡናውን ጠጥቶ ሳይጨርስ ነው፤ 2316 በ1080 ሲያነብ ገንዘቡን ላከ።